የቀረው ወንድም በመልስ ፎቶ ላይ እንዴት ይቆማል?

ከሰርግ ፎቶዎች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው የመልስ ዕለት ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚነሳው ነው። ሳሎን ውስጥ በትልቁ ተሰቅሎ የሚኖረው እሱ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣት እየተቀሰረበት «ይህቺ አክስቷ ናት፣ ያኛው የአጎቷ ልጅ ነው» የሚባለውም በእሱ ላይ ነው። አንድ የቅርብ ዘመድ ከጎደለ ታዲያ ጨዋታው ሁሉ ወደ ጎደለው ሰው ይዞራል። በዚህ የተነሳ ፎቶ ቤቶች የሰርግ ወቅት ባለቀ ማግስት «እባካችሁ እሱንም አስገቡልን» የሚል ደንበኛ አያጡም።

ልማዱ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባበቃበት በ1865 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አካባቢ ማቲው ብሬዲ የተባለው ፎቶ አንሺ ጄኔራል ሸርማንን ከጄኔራሎቹ ጋር ባነሳበት ጊዜ ፍራንሲስ ብሌር የተባለው ጄኔራል በቦታው አልነበረም። ዛሬ በምናየው ፎቶ ላይ ግን ብሌር በቀኝ ጫፍ ተቀምጧል፤ በኋላ ነው የተጨመረው። ፎቶሾፕ ራሱ ለገበያ የቀረበው በ1990 ሲሆን፣ አንዱን ምስል በሌላው ላይ ደርቦ ለየብቻ ለማንቀሳቀስ የሚያስችሉት ሌየሮች የመጡት በ1994 ነው።

ብዙ ሰው ከባዱ ሥራ ሰውየውን ከነበረበት ፎቶ ቆርጦ ማውጣት ይመስለዋል። መቁረጡ ግን ከ2018 ወዲህ፣ Select Subject የሚባለው ትእዛዝ ከመጣ በኋላ፣ በአብዛኛው የሰከንዶች ጉዳይ ሆኗል። የተጨመረውን ሰው «ተለጥፎ» የሚያስመስለው ሌላ ነው፦ ብርሃኑ ከየት እንደመጣበት፣ ካሜራው ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደነበረ፣ ከምን ያህል ርቀት እንደተነሳ። እነዚህ ሦስቱ የሚወሰኑት ፎቶው በሚነሳበት ቅጽበት ስለሆነ በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የሚጨመረው ሰው በሕይወት ካለና ስልክ ካነሳ ከቆየ ፎቶው ላይ ከመታገል አዲስ ፎቶ ማስነሳት ይሻላል እላለሁ። እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ሥራ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናያለን።

ፎቶው የተነሳው አዲስ አበባ ውስጥ በሙሽሪት ወላጆች ግቢ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። አሥራ ስምንት ሰዎች አሉበት። ሙሽሮቹ፣ ወላጆችና አረጋውያን ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አሥሩ ከኋላ ቆመዋል። ሁሉም የሀገር ልብስ ለብሷል። ከኋላቸው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ የጥድ አጥር አለ። ፀሐይዋ ከቤቱ ጀርባ ስለሆነች ሰዎቹ ጥላ ውስጥ ናቸው፤ ብርሃኑ የሚመጣው ፎቶውን ስናየው በግራ በኩል ካለው ክፍት ሰማይ ነው። የቀረው የሙሽሪት ታላቅ ወንድም ነው። ሪያድ ይሠራል፤ አሠሪው ፈቃድ አልሰጠውም።

መጀመሪያ የተነጋገርነው የት ይቁም በሚለው ላይ ነው። እናትየው «ከጎኔ አድርግልኝ ልጄ» አሉኝ። «እማማ፣ ከጎንዎ ያሉት ሁሉ የተቀመጡ ናቸው፤ እሱ ቆሞ ከጎንዎ ቢሆን አባታቸውን ይሸፍናል» ስላቸው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ከኋላዬ ይቁም፤ እዚያ ታናሹ ቆሟል አይደል?» አሉ። ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። ከእናትየው በስተኋላ፣ በታናሽ ወንድሙና በአክስቱ ልጅ መካከል አንድ ስንዝር የምትሆን ክፍተት አለች። እዚያ ከገባ የሁለቱ ትከሻ ጎንና ጎኑን፣ የእናቱ ራስና ወንበሩ ደግሞ ከወገቡ በታች ያለውን ይሸፍኑለታል። የሚታየው ጭንቅላቱ፣ አንገቱና የደረቱ ከፊል ብቻ ነው። ጫፍ ላይ ቢቆም ግን ሙሉ ቁመቱ፣ እግሩና ጫማው፣ ጫማው መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ ጭምር አሳማኝ መሆን አለበት። ጫፍ ላይ ማስገባት ቀላል የሚመስለው ቦታው ባዶ ስለሆነ ነው እንጂ ሥራው እጥፍ ነው።

ሙሽሪት በበኩሏ «ወንድም ጋሼ እጁን እማዬ ትከሻ ላይ ቢያደርግስ?» አለች። ይህን አልቀበልም። እጅ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ነጠላው ይጨመቃል፣ ይሸበሸባል፣ በጣቶቹ ሥር ቀጭን ጥላ ይፈጠራል። ይህ ሁሉ ከምንም ተነስቶ መሳል ስላለበት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ይሆናል።

ቀጥሎ ወንድምየው በቴሌግራም ሦስት ፎቶ ላከ። አንዱ መኪና ውስጥ ራሱ ያነሳው ነው፤ ስልኩ ከፊቱ አንድ ክንድ ብቻ ስለራቀ አፍንጫው ገዝፎ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ሸሽተዋል። ሁለተኛው ምግብ ቤት ውስጥ ከላይ በሚወርድ መብራት የተነሳ በመሆኑ የዓይኑ ጉድጓድ ጠቁሯል። ሦስተኛው ቆሞ የተነሳው ሲሆን ለአቋሙ ደኅና ነበር፤ ግን በማታ፣ በፍላሽ ነው። በዚያ ላይ ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ገደማ ዝቅ ያደርገዋል።

ይህ ቁጥር ለምን እንደሚያሳስብ ላስረዳ። የቤተሰቡ ፎቶ 6000 በ4000 ፒክስል ነው። ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት ስድስት ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሰዎቹ በቆሙበት ቦታ አንድ ሴንቲ ሜትር አሥር ፒክስል ይይዛል ማለት ነው። የወንድምየው ቁመት አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት ነው፤ ስለዚህ ከእግር እስከ ራሱ 1780 ፒክስል ያህል ያስፈልገዋል። በተላከው ፎቶ ላይ ግን ሙሉ ቁመቱ 1100 ብቻ ነበር። ተጎትቶ ሲሰፋ ከጎኑ ያሉት ጥርት ብለው እሱ ብቻ ጭጋግ ውስጥ የቆመ ይመስላል።

ስለዚህ ሪያድ ካለ ጓደኛው ጋር በስልክ ተነጋግረን አዲስ ፎቶ አስነሳን። ለጓደኛው መመሪያ ከመስጠቴ በፊት ከዋናው ፎቶ ላይ ሦስት ነገር ማንበብ ነበረብኝ። አንደኛው ርቀቱ ነው። በፎቶሾፕ File ከሚለው ሥር File Info ሲከፈት ካሜራው ስለ ፎቶው የመዘገበው ይታያል፤ ሌንሱ 35 ሚሊ ሜትር ነበር። በእንዲህ ዓይነት ሌንስ፣ ትልቅ ሴንሰር ባለው ካሜራ፣ ስድስት ሜትር ስፋት የሚይዘው ፎቶ አንሺው ስድስት ሜትር ገደማ ርቆ ሲቆም ነው። ሁለተኛው የካሜራው ከፍታ ነው። ይህን የነገረኝ በጎን በኩል ወደ ኋላ የሚሄደው የብሎኬት ግንብ ነው። ከካሜራው ከፍታ በላይ ያሉት የብሎኬት ረድፎች ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ ከካሜራው በታች ያሉት ወደ ላይ ይወጣሉ። ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ የሚሄደው ረድፍ የካሜራው ከፍታ ነው። ያን መስመር ተከትዬ በቆሙት ሰዎች ላይ ሳየው በታናሽ ወንድሙ ደረት በኩል አለፈ፤ ከመሬት አንድ ሜትር ከአርባ ያህል ማለት ነው። ሦስተኛው ብርሃኑ ሲሆን እሱን ለማወቅ ከአፍንጫና ከአገጭ ሥር ያለውን ጥላ ማየት ይበቃል፤ በፎቶው ላይ ጥላው ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው።

ለጓደኛው የነገርኩት እንግዲህ ይህ ነበር። ጠዋት፣ ፀሐይ በማያገኘው የሕንፃ ጥላ ውስጥ አቁመው። ክፍት ሰማይ በእሱ በቀኝ እጁ በኩል ይሁን፤ እሱ ወደ ካሜራው ዞሮ ስለሚቆም የእሱ ቀኝ ለእኛ ግራ ነው። አንተ ስድስት ሜትር ራቅ፤ ስልኩን ደረትህ ላይ ያዝ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አታዘንብለው፤ ስልክህ ሁለተኛ ሌንስ ካለው 2x የሚለውን ተጠቀም። ፊት የሚያለሰልሰውንና ጀርባ የሚያደበዝዘውን አጥፋ። ከኋላው ነጭ ግድግዳ አይሁን፤ ጥቁር ጸጉር ከነጭ ግድግዳ ላይ ሲቆረጥ ዙሪያውን ነጭ ክር ይዞ ይወጣል፣ ያ ክር በጥድ አጥር ላይ ሲያርፍ ደግሞ ከሩቅ ያበራል። ነጠላውን ደርቦ ያጣፋ፣ ዘርፉም አይንጠልጠል። አንድ ነገር ደግሞ አሳቀው፤ እዚያ ያሉት አሥራ ስምንቱም እየሳቁ ስለሆነ እሱ ብቻ የመታወቂያ ፎቶ የሚነሳ መምሰል የለበትም። ስትልክልኝ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክ።

በማግስቱ የመጣው ፎቶ ላይ የወንድምየው ቁመት 1900 ፒክስል ነበር። ከሚያስፈልገው ትንሽ ይበልጣል፤ ማሳነስ ደግሞ ከማስፋት የተሻለ ነው።

አሁን ወደ ፎቶሾፕ። የወንድምየው ፎቶ ለብቻው ይከፈትና Select ከሚለው ሥር Subject ይመረጣል። ፎቶሾፕ ዙሪያውን ካወቀ በኋላ Select and Mask ይከፈታል። ከዚያ ቤት ውስጥ የምጠቀመው በሁለት ነገር ብቻ ነው። Refine Edge Brush በሚባለው ብሩሽ የጸጉሩን ጠርዝና የነጠላውን ጫፍ ብቻ እነካለሁ፤ ጃኬትና ትከሻ ላይ ካስኬዱት ጠርዙን ያበላሸዋል። Shift Edge የሚለውን ደግሞ ከዜሮ በታች ጥቂት ዝቅ አድርጌ ጠርዙን ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ የሪያዱ ግድግዳ ርዝራዥ ካለ እዚያ ላይ ይቀራል። በመጨረሻ Output To በሚለው ቦታ New Layer with Layer Mask ይመረጣል። ማስክ ማለት ምንም ሳይሰርዝ የሚደብቅ ነው፤ ነጭ የተቀባው ይታያል፣ ጥቁር የተቀባው ይሸፈናል። በመቀስ የቆረጡት አይመለስም፤ በማስክ የደበቁት ጆሮ ግን ነጭ ሲቀቡት ይመለሳል።

ነጠላው ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ነጠላ ስስ ነው፤ ጫፉ ላይ ከኋላው ያለው ነገር ያሳልፋል። ከሪያድ የመጣው ነጠላ የሚያሳልፈው የግድግዳውን ግራጫ ሲሆን፣ እኛ ግቢ ውስጥ ግን ሊያሳልፍ የሚገባው የጥዱን አረንጓዴ ነው። ደርቦ ያጣፋ ያልኩት ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ነጠላው ነጠላውን ብቻ ነበር፤ እዚያ ላይ ማስኩን በግራጫ ቀለም በስሱ ቀባሁት። ግራጫ ግማሽ ያሳያል፣ ግማሽ ይደብቃል፤ የጥዱ አረንጓዴ በትንሹ ብቅ አለ።

ሌየሩ ላይ በቀኝ ተጭኖ Convert to Smart Object ከተባለ በኋላ ወደ ቤተሰቡ ፎቶ ይጎተታል። ይህ ትእዛዝ ምስሉን ከነማስኩ እንደ አንድ እሽግ ይይዘዋል፤ አሥር ጊዜ ቢያሳንሱትና ቢመልሱት ጥራቱን አያጣም።

መጠኑን የሚወስነው ዓይን ብቻ መሆን የለበትም፤ ልኬቱ ይቻላል። ቅድም ያገኘነው የካሜራ ከፍታ መስመር ላይ አንድ ጋይድ አስቀመጥኩ። ታናሽ ወንድሙ አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት ነው፤ የራሱ ጫፍ ከመስመሩ በላይ 320 ፒክስል ላይ ነው። ያም ልክ ነው፤ ከ1.40 በላይ 32 ሴንቲ ሜትር ይቀረዋልና። ታላቅየው እዚያው ረድፍ ላይ ቢቆም 380 ይሆን ነበር። ነገር ግን በሁለት ትከሻ መካከል የሚገባ ሰው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ በስድስት ሜትር ላይ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ከአምስት በመቶ አይበልጥም፣ ስለዚህ ወደ 360 አወረድኩት። Ctrl+T ተጭኜ አሳነስኩትና በራሱ ፎቶ ላይ ካሜራው በነበረበት ከፍታ ያለውን ደረቱን ከጋይዱ ጋር አጋጠምኩ። ሁለቱም ፎቶዎች ከአንድ ከፍታ ስለተነሱ ሌላው ሁሉ በራሱ ቦታ ገባ። አንዱ ፎቶ ከዓይን ከፍታ፣ ሌላው ከወገብ ቢነሳ ኖሮ ራሱን ባስተካክል ትከሻው፣ ትከሻውን ባስተካክል አገጩ እምቢ ይለኝ ነበር። አንዳንዶች እዚህ ላይ ሲቸገሩ ሰውየውን በቁመት ብቻ ይጎትቱታል። ጭንቅላቱ የእንቁላል ቅርጽ ከያዘ እናት ወዲያው ታውቃለች።

ከፊቱ የሚቆሙትን ሰዎች ከፊቱ ማድረግ ቀጣዩ ሥራ ነው። የወንድምየውን ሌየር ለጊዜው ደብቄ፣ ዋናው ፎቶ ላይ በ Quick Selection Tool የእናትየውን ራስና ነጠላ፣ የሁለቱንም ጎረቤቶቹን ትከሻ መረጥኩ። ምርጫው እንዳለ የወንድምየውን ሌየር መልሼ ገለጥኩና አዲስ ማስክ ሰጥቼ የተመረጠውን ቦታ ጥቁር ሞላሁት። ሰውየው ከሦስቱም ጀርባ ገባ። ማስኮቹ አሁን ሁለት ናቸው፤ በእሽጉ ውስጥ ያለው የራሱን ዙሪያ፣ ውጭ ያለው ደግሞ ማን ከፊቱ እንደቆመ ይወስናል። ተለያይተው መቀመጣቸው በኋላ ሰውየውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ማስጠጋት ሲያስፈልግ ይጠቅማል፤ ለዚህ በሌየሩና በውጪው ማስክ መካከል ያለችውን የሰንሰለት ምልክት መጫን ነው። ያኔ ሰውየው ይንቀሳቀሳል፣ የእናቱ ራስ ግን ቦታውን አይለቅም።

ብዙውን ጊዜ ሥራው የሚበላሸው በቀለሙ ነው። የተለመደው ስሕተት የፊቱን ቀለም ከጎረቤቱ ፊት ጋር ማመሳሰል ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ግን ቀይ፣ ጠይምና ጥቁር ወንድማማቾች አሉ፤ ታላቁ ከታናሹ ጠይም ከሆነ በፎቶውም ጠይም ነው መሆን ያለበት። የሁለቱ ፊት ተመሳስሎ ሲወጣ ደንበኛው «ጥሩ ነው፣ ግን እሱን አይመስልም» ይላል፤ ምን እንደሆነ ግን መናገር አይችልም። የሚመሳሰለው ነጩ ከነጩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ነው። እንደ ዕድል ሆኖ የመልስ ፎቶ ላይ ነጭ ነጠላ ከሁሉም ትከሻ ላይ አለ።

Info የሚለውን መስኮት ከፍቼ ጠቋሚውን በታናሽየው ነጠላ ላይ፣ ጥለቱን ሳይነካ፣ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ላይ ባደርገው ቀይ 228፣ አረንጓዴ 222፣ ሰማያዊ 210 አነበብኩ። ከፍተኛው ቁጥር 255 ነው። ቀዩ ከሰማያዊው ስለሚበልጥ ነጩ ሞቅ ያለ፣ ክሬም ወደሚባለው ያዘነበለ ነው፤ በግቢው ማዶ ያለው ቢጫ የቤት ግድግዳ ብርሃኑን እየመለሰ ስለሚያሞቀው ይመስለኛል። የታላቅየው ነጠላ ደግሞ 214፣ 221፣ 233 ሆነ፤ ሰማያዊ ያደረበት ነው፣ የጠዋት ጥላ እንዲህ ያደርጋል። Curves የሚባለውን ማስተካከያ ከሌየሩ በላይ ጨምሬ እሱን ብቻ እንዲነካ በ Create Clipping Mask አሰርኩት። ከዚያ በቀዩ ቻናል ላይ አንድ ነጥብ ተክዬ Input 214፣ Output 228 ጻፍኩ፤ በሰማያዊው ላይ Input 233፣ Output 210። አረንጓዴው ሳይነካ ቢቀርም ግድ አልነበረውም። በጨለማው በኩልም እንዲሁ፦ የታናሽየው ጥቁር ሱሪ እጥፋት 30 አካባቢ ሲሆን የታላቅየው 15 ነበር፤ ጥቁሩ ከጎረቤቱ ጥቁር ስለሚበልጥ ጥቂት ከፍ አደረግሁት። ፊቱን አልነካሁትም፤ ነጩና ጥቁሩ ሲገጥም ፊቱ ራሱ ተከትሎ ገባ።

እዚህ ላይ ዓይን እንዳያታልል አንድ መፈተኛ አለ። ከሁሉም በላይ Black & White የሚባል ማስተካከያ ይደረጋል፤ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ቀለም ሲጠፋ የብርሃን ልዩነት ብቻ ይቀራል። የወንድምየው ፊት ከረድፉ ወጥቶ ቢያበራ ወይም ቢጨልም ያኔ ይታያል። በእኛ ሥራ ላይ ግራ ጉንጩ ትንሽ በዝቶ ስለነበር አጠቃላዩን ኩርባ ጥቂት አወረድኩ። ፈተናው ሲያልቅ ማስተካከያው ይጠፋል።

ቀጥሎ ያለው ብዙዎች የሚረሱት ነው። ሰዎች ተጠጋግተው ሲቆሙ አንዱ የሌላውን ብርሃን ይከለክላል፤ ትከሻ ከደረት ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ጨለማ ይቀራል። ከሪያድ የመጣው ሰው ብቻውን ስለቆመ ይህ ጨለማ የለበትም፤ ደረቱ እስከ ጠርዙ ድረስ ብሩህ ነው። ከሌየሩ በላይ አዲስ ባዶ ሌየር ጨምሬ እንደ ኩርባው አሰርኩት፤ ዓይነቱን Multiply አደረግሁና ከጎረቤቶቹ ነጠላ እጥፋት ላይ ያነሳሁትን ቡናማ ግራጫ ቀለም በለስላሳ ሰፊ ብሩሽ፣ Flow ከአሥር በመቶ በታች አድርጌ፣ በሁለቱ ትከሻዎች ዳርና ከእናትየው ራስ በላይ በስሱ ደጋግሜ ቀባሁ። ንጹሕ ጥቁር መጠቀም አይገባም፤ ጥቁር ነጭ ልብስ ላይ ጥቀርሻ ይመስላል። ጥዱ ላይ ጥላ አልሠራሁም፤ ሁለት ሜትር ስለሚርቅ በእንዲህ ያለ ለስላሳ ብርሃን ከሌሎቹም ሰዎች ጥላ አላረፈበትም። ሌሎቹ ላይ የሌለ ጥላ እሱ ላይ ካለ ያጋልጠዋል።

የቀረው የጥራት ልዩነት ነው። ስልክ ፎቶን ራሱ ያስላል፤ የቅንድብ ጸጉር እንደ ሽቦ ይጠራል፣ ቆዳ ደግሞ እንደ ፕላስቲክ ይለሰልሳል። ትልቁ ካሜራ ግን በጥላ ውስጥ ረቂቅ ፍንጣቂ ይተዋል። ፎቶውን መቶ በመቶ አስፍቼ ታናሹንና ታላቁን ጎን ለጎን አየሁ። Gaussian Blur ከአንድ ፒክስል በታች፣ 0.5 ሰጠሁት፤ ቀጥሎ Add Noise ሁለት በመቶ ያህል፣ Monochromatic የሚለውን መርጬ። ይህ ካልተመረጠ ፍንጣቂው ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም ማጣሪያዎች በእሽጉ ላይ ስለሚቀመጡ ከበዙ ተመልሶ መቀነስ ይቻላል።

ሥራው አልቋል ከማለቴ በፊት Image Rotation ከሚለው ውስጥ Flip Canvas Horizontal ብዬ ሙሉውን ፎቶ ገለበጥኩት። ለረጅም ጊዜ ያዩትን ፎቶ ዓይን ይለምደዋል፤ ግራና ቀኙ ሲቀያየር እንደ አዲስ ያየዋል። የታየኝ የግራ ጆሮው ጫፍ በጣም ስለታም መሆኑ ነበር፤ የውስጡን ማስክ ከፍቼ በለስላሳ ብሩሽ አለዘብኩት። ከዚያ ፎቶውን ወደ ቦታው መለስኩ። መገልበጡ ለመፈተሻ ነው እንጂ ለማስተካከያ አይደለም። አንዳንዱ ብርሃኑ በተቃራኒ በኩል የሆነ ፎቶ ሲገጥመው ሰውየውን ብቻ ይገለብጠዋል፤ ያን ጊዜ የጃኬቱ ቁልፍ በሴት በኩል ይዘጋል፣ ሰዓቱ ወደ ሌላ እጅ ይሄዳል፣ ነጠላውም በተሳሳተ ትከሻ ላይ ያርፋል። በቤታችን ነጠላ በየት በኩል እንደሚጣል የሚያይ ሽማግሌ አይጠፋም።

የሞተ ሰው ሲሆን ነገሩ ይለያል። አዲስ ፎቶ ማስነሳት ስለማይቻል ያለው አንድ አሮጌ ፎቶ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከፊት ለፊት በፍላሽ የተነሳ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ብርሃን ያረፈበት። ከላይ ባየነው መንገድ ወደ ረድፉ ሳስገባው አይገጥምም። እንዲህ ሲያጋጥመኝ ፎቶውን በቡድኑ ውስጥ ከማቆም ይልቅ ማዕዘን ላይ በክብ ፍሬም ለብቻው እንዲቀመጥ እመክራለሁ። አንዳንድ ቤተሰብ አይወደውም፤ «ከመካከላችን ይሁን» ይላል። ያኔ የሚሻለው ሰርጉ ከመነሳቱ በፊት ማሰብ ነው፦ ለፎቶው ባዶ ወንበር ይተውና የሟቹ የተፈሬመ ፎቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ፎቶሾፕ ጨርሶ አያስፈልግም።

ለደንበኞቼ የምሰጠው ሁለት ፋይል ነው፤ አንዱ ወንድም ጋሼ ያለበት፣ ሌላው ያልተነካው ዋናው፣ ስማቸውም የተለያየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባለትዳሮቹ አንዱ ውጭ ሀገር ከሆነ የሰርጉ ፎቶ የጋብቻ ማስረጃ ሆኖ ወደ ኤምባሲ ወይም ወደ ኢሚግሬሽን ፋይል ይገባል። በዚያ ቀን ሪያድ የነበረ ሰው አዲስ አበባ ቆሞ የሚታይበት ፎቶ እዚያ ከገባ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ማህተም ፎቶውን ውሸታም ያደርገዋል፤ ከእሱም ጋር እውነተኛውን ጋብቻ ያስጠረጥራል። ሳሎን የሚሰቀለው የተጨመረበት ነው፤ ለማመልከቻ የሚታተመው ዋናው ብቻ ነው። ሦስተኛውን፣ ሌየሮቹ በሙሉ ያሉበትን የPSD ፋይል፣ ፎቶ ቤቱ ያስቀምጠዋል፤ በዚህኛው ሥራ ከሁለት ወር በኋላ እናትየው ደውለው «ልጄ፣ ያቺ ካናዳ ያለችው አክስቷስ?» ሲሉኝ ከእሱ ነው የጀመርኩት።